ጽጌረዳዎ ደጋግሞ እንዲያብብ መቀሱ የት ላይ ይረፍ?

የሚቀጥለው የጽጌረዳ አበባ የሚወጣው ከዓይን ነው። ዓይን የምለው፣ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ያለችውን ትንሽ እብጠት ነው። አንዳንዴ ቀላ ብላ ትታያለች። አንዳንዴ ደግሞ ከክብሪት ራስ አንሳ ተደብቃ ትቀመጣለች። ቅጠሉ ከረገፈ ግንዱ ላይ ቀጭን የተጎበጠ ጠባሳ ይቀራል፤ ዓይኗን ከጠባሳው ትንሽ ከፍ ብለው ይፈልጓት። ጽጌረዳ መግረዝ በአብዛኛው ትክክለኛዋን ዓይን መርጦ ከእሷ በላይ መቁረጥ ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው።

የጠወለገውን አበባ በእጅ ነጭቶ መተው

አበባው ሲጠወልግ እጅ ወዲያው ወደ እሱ ይሄዳል። የረገፈውን ሰብስበው ይነጫሉ፣ ተክሉም ፀዳ ይላል። ግን ከአበባው ሥር ያለችው አረንጓዴ እብጠት እዚያው ቀርታለች። ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። ውስጧ ዘር መያዝ ሲጀምር ተክሉ ጉልበቱን ወደዚያ ያዞራል፣ አዲስ አበባ ማውጣቱንም ያዘገያል። አበባ ያወጣው ዘር ለማፍራት ነውና፣ ዘሩን ካገኘ ለሌላ አበባ አይቸኩልም።

እሺ፣ ከነአንገቱ ቀንጥበው ቢጥሉትስ? ፍሬ የምትሆነዋም አብራ ትሄዳለች፣ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአበባው አጠገብ ያሉት የላይኞቹ ዓይኖች የሚያወጡት ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ትልቅ አበባ ሲሸከም ይጎብጣል፣ አበባውም መሬት መሬቱን ያያል። ስለዚህ ትንሽ ወረድ ማለት ያስፈልጋል።

አንዱን ቅርንጫፍ ይዘን እንየው። ከጠወለገው አበባ ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ ቅጠሎች አንድ ላይ የያዘ ነው። ቀጥሎ አምስት የያዘው ይመጣል። የተለመደው ምክር ከመጀመሪያው ባለ አምስት ቅጠል በላይ ቁረጥ የሚል ነው። መነሻው መልካም ነው፣ እኔ ግን ሁለት ነገር ሳላይ አልቆርጥም። አንደኛ፣ ቅርንጫፉ እዚያ ጋ አዲሱን አበባ ለመሸከም የሚበቃ ውፍረት አለው ወይ? ወደ እርሳስ ውፍረት ከተጠጋ ይበቃኛል። ሁለተኛ፣ ዓይኗ የምታየው ወዴት ነው?

ባለፈው የገረዝኩት ቅርንጫፍ ላይ የመጀመሪያው ባለ አምስት ቅጠል ዓይን ወደ ተክሉ መሀል ታይ ነበር። የጽጌረዳ ቅጠሎች ግንዱን እየዞሩ ነው የሚወጡት። አንዱ ወደ ውስጥ ካየ ቀጣዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። እናም አንድ ቅጠል ወርጄ ወደ ውጭ ከምታየዋ ዓይን በላይ ቆረጥኩ። በ10 ቀን ገደማ ዓይኗ ቀልታ ተነፋች፣ ከዚያ ቀይ ለጋ ቅርንጫፍ አወጣች። ሰባተኛው ሳምንት ላይ አበባው ተከፈተ። ሙቀቱና ዝርያው ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል እንጂ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው።

አበባው በዘለላ የሚወጣ ዝርያ ከሆነ አሠራሩ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ የጠወለጉትን ብቻ አንድ በአንድ ያንሱ፣ ያልተከፈቱትን ይተዉ። ዘለላው ሲጨርስ ግን ሙሉውን ከሥሩ ካለው ጠንካራ ዓይን በላይ ይቁረጡት።

ከዓይኗ አርቆ ወይም አስጠግቶ መቁረጥ

ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ትክክለኛው ርቀት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ከቆረጡ ከዓይኗ በላይ ጉቶ ይቀራል። ከዚያ ጉቶ በላይ ምግብ የሚቀበል ቅጠልም ቡቃያም የለም፣ ስለዚህ ይደርቃል። መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ድርቀቱ ዓይኗ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሁልጊዜ ግን አይቆምም። የሞተ እንጨት የሻጋታ በሽታ መግቢያ በር ነውና፣ ጥቁሩ ዓይኗን አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ካዩ አይጠብቁ። ወደ ጤነኛው ክፍል ወርደው እንደገና ይቁረጡ። ጤነኛ መሆኑን የሚያውቁት የተቆረጠውን መሀል አይተው ነው። መሀሉ ነጭ ወይም ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ደርሰዋል። ቡናማ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ዓይን ይውረዱ።

በጣም አስጠግተው ከቆረጡ ደግሞ ዓይኗ ራሷ ትጎዳለች። ቁስሉ ሲደርቅ አብራ ትደርቃለች፣ ወይም ቡቃያው አድጎ በትንሽ ነፋስ ከሥሩ ይገነጠላል።

ቁርጡ ሰያፍ ይሁን። ከፍ ያለው ጫፍ በዓይኗ በኩል፣ ዝቅ ያለው ጫፍ በተቃራኒው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ዓይኗ ላይ ሳያርፍ በጀርባዋ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይቆርጠዋል። ሰያፉም አይብዛ፤ ዝቅ ያለው ጫፍ ከዓይኗ ሥር በታች ከወረደ ከጀርባዋ ያለውን እንጨት አሳጥቷታል ማለት ነው።

መቀሱ ስል ይሁን፣ ሁለቱ ስለቶች እንደ ወረቀት መቀስ የሚተላለፉበት ዓይነት። አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍበት ዓይነት ለጋውን ግንድ ይጨፈልቀዋል። የታመመ ተክል ከነኩ በኋላ ስለቱን በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጥረጉት።

ወደ መሀል የምታይ ዓይን መምረጥ

ቅርንጫፉ የሚያድገው ዓይኗ ወደምታይበት ነው። ወደ ውስጥ ከሆነ መሀሉ ይጣበባል፣ እሾህ ለእሾህ ይፋተጋል፣ ቅጠሉ ላይ ያረፈው እርጥበትም ቶሎ አይደርቅም። ቅጠል ላይ ጥቁር ነጥብ የሚያወጣው በሽታ የሚወደው ይህንን ነው። መሬት ላይ የሚለጠጥ ዝርያ ካለዎት ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ላይ የምታየዋ ዓይን ቀና ታደርገዋለች።

ገና ያልጠነከረን ተክል በረዥሙ መቁረጥ

አበባ ባነሱ ቁጥር ቅጠልም አብሮ ይሄዳል። ምግቡን የሚሠራው ደግሞ ቅጠሉ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ ወይም ከበሽታ ያገገመ ተክል ላይ ባለ አምስት ቅጠሉን ሕግ ይርሱት። አበባውን ከነአንገቱ ብቻ ያንሱ፣ የቀረውን ይተዉለት። የሚቀጥለው አበባ ትንሽ ቀጠን ባለ ቅርንጫፍ ላይ ሊመጣ ይችላል። ተክሉ ግን ሥር ይሰድዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ረዘም አድርገው መቁረጥ ይችላሉ።

ዝርያውን ሳያውቁ መግረዝ

በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብቡ ጽጌረዳዎች አሉ። አበባቸው የሚመጣው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ከማበባቸው በፊት ከከረከሟቸው የዓመቱን አበባ አብረው ጣሉት። እነሱን አብበው ሲጨርሱ ይግረዟቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አንድ ዓመት ሳይነኩት ይዩት። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በአዲስ ለጋ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ እንቡጥ ካዩ ደጋግሞ የሚያብብ ነው፣ መቀሱን ማንሳት ይችላሉ።