«ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ላይ አይኤስኦ ሲጠቀስ

የአንድን ድርጅት «ስለ እኛ» ገጽ ስታነቡ «ግንባር ቀደም» እና «ተመራጭ» የሚሉትን ቃላት እለፏቸው፤ ማጣሪያ የላቸውም። «የአይኤስኦ 9001 ምስክር ወረቀት አለን» የሚለው ግን ሊጣራ ይችላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ይህን የጥራት አመራር ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት ስለማይሰጥ፣ «አይኤስኦ የሰጠን» የሚል አነጋገር ከጅምሩ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። የሰጪውን ድርጅት ስም፣ የወረቀቱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ጠይቃችሁ የምስክር ወረቀቶች መፈለጊያ በሆነው iafcertsearch.org ላይ ፈልጉት፤ ካጣችሁት ወዲያው ሐሰት ነው አትበሉ፣ ሰጪውን ድርጅት በቀጥታ ጠይቁ። ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝም የሚሸፍነውን የሥራ ዘርፍ አንብቡ፤ «የቢሮ ዕቃዎች ሽያጭ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ በዚያው ገጽ ላይ በፎቶ ስለሚታየው ፋብሪካ ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረውም ለአሠራር ሥርዓቱ እንጂ ለሚሸጠው ወንበር ጥንካሬ አይደለም።