ከማሻሻያ በኋላ የተበላሸ ድረ ገጽ፦ ጥፋተኛውን ፕለጊን ወይም ኤክስቴንሽን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በወርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ አለው። አብዛኞቹ እንግዶቹ ወፍ ለማየት የሚመጡ ናቸው፤ አልጋ የሚይዙትም ከአገራቸው ሳይነሡ በድረ ገጹ ላይ ባለው ቅጽ ነው። አንድ ቀን ከማሻሻያ በኋላ ይህ ቅጽ ቀጥ አለ። እንግዳው ቀኑን ይመርጣል፣ ስሙን ይጽፋል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ምንም አይሆንም። የስህተት መልእክት የለም፣ ገጹም አይነቃነቅም። የማረፊያው ባለቤት ግን ከራሳቸው ኮምፒውተር ሲሞክሩት ቅጹ እንደ ወትሮው ይልካል። «እኔ ዘንድ ይሠራል» ማለታቸው እውነት ነበር፤ እንግዳውም እውነቱን ነበር።

ይህን አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መፍትሔው እንከተለው፤ ከማሻሻያ በኋላ የሚመጡ ብልሽቶች የሚያሳስቱበት መንገድ አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ።

ብልሽቱ የማን ወገን ነው?

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ችግሩ በአንድ ሰው ብራውዘር ውስጥ ይሁን በድረ ገጹ ውስጥ ይለዩ። ገጹን በሌላ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። እዚያም ከተበላሸ ጥፋቱ ከድረ ገጹ ነው። በስልኩ ሠርቶ በእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ ካልሠራ ደግሞ ብራውዘርዎን ይጠርጥሩ።

ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀመው ማንነት የማያሳውቅ መስኮትን ነው። በክሮም `Ctrl+Shift+N` ሲጫኑ ይከፈታል፤ በብራውዘሩ ላይ የተጨመሩ ኤክስቴንሽኖች እርስዎ ካልፈቀዱላቸው በስተቀር እዚያ አይሠሩም። ነገር ግን ይህ መስኮት በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይቀይራል፦ ኤክስቴንሽኖቹን ያጠፋል፣ ቀድሞ የተቀመጡ ፋይሎችንና ኩኪዎችን አይጠቀምም፣ በአስተዳዳሪነት የገቡበትን መለያም አያውቅም። ስለዚህ ገጹ እዚያ መሥራቱ ወይም አለመሥራቱ ብቻውን ኤክስቴንሽንን አያስወነጅልም። ለማረጋገጥ ወደ ተለመደው መስኮት ይመለሱ፣ `chrome://extensions` ብለው ሁሉንም ያጥፉና ገጹን በ`Ctrl+F5` እንደገና ይጫኑ።

የማረፊያው ቅጽ በስልክም፣ ማንነት በማያሳውቅ መስኮትም አልሠራም። የሠራው ባለቤቱ በአስተዳዳሪነት በገቡበት መስኮት ብቻ ነበር። ይህ ልዩነት ትልቅ ፍንጭ ነው። የገጹን ዝግጁ ቅጂ አስቀምጠው ለማፍጠን የሚጫኑ የካሽ ፕለጊኖች በአብዛኛው ሥራቸውን የሚሠሩት ለጎብኚዎች ብቻ ነው፤ አስተዳዳሪው ሲገባ ያልተነካውን ገጽ ያሳዩታል። በዚህ የተነሣ ባለቤቱ ለሳምንታት ደህና ገጽ እያዩ እንግዶቻቸው የተበላሸውን ሊያዩ ይችላሉ። ከማንኛውም ማሻሻያ በኋላ ድረ ገጽዎን ከመለያዎ ወጥተው ይፈትሹት።

የስህተቱን መስመር ያንብቡ

የተበላሸውን ገጽ ከፍተው `F12` ይጫኑና `Console` የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ገጹን እንደገና ይጫኑት። በቀይ የሚጻፉት መስመሮች ብዙ ከሆኑ ከላይ የመጀመሪያውን ይያዙ፤ የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸው። በማረፊያው ገጽ ላይ የታየው ይህ ነበር፦

```
Uncaught ReferenceError: jQuery is not defined
```

ጄኩዌሪ በርካታ የወርድፕሬስ ፕለጊኖች የሚደገፉበት የኮድ ስብስብ ነው። መስመሩ የሚለው የሆነ ኮድ ጄኩዌሪን ፈልጎ አጣው ነው። ከመስመሩ በስተቀኝ የፋይሉ ስም ይታያል፤ በስሙ ላይ መዳፊቱን ሲያሳርፉ ሙሉ አድራሻው ይወጣል። በአድራሻው ውስጥ `/wp-content/plugins/` ካለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የፕለጊኑ አቃፊ ስም ነው። ኮዱ በገጹ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ከሆነ ግን የሚታየው የገጹ አድራሻና የመስመር ቁጥር ይሆናል። እዚህም እንዲሁ ነበር፤ መስመሩ ሲከፈት የቅጹ ፕለጊን ያስገባው ኮድ ተገኘ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ቅጹን ነቅለው ሌላ ይጭናሉ። ያ ችኮላ ነው። ስህተቱን የጮኸው ቅጹ መሆኑ ተረጋገጠ እንጂ ጥፋተኛው እርሱ ብቻ መሆኑ አልተረጋገጠም። ኮዱ ጄኩዌሪን ማግኘት ነበረበት፤ ማን አሳጣው?

እኩሌታ እያጠፉ ማጥበብ

በመጀመሪያ የዳታቤዙንና የ`wp-content` አቃፊውን ቅጂ ያስቀምጡ። አውቶማቲክ ማሻሻያዎችንም ለጊዜው ያቁሙ፤ በፍተሻው መሀል አንድ ፕለጊን ራሱን ካዘመነ ውጤትዎ ሁሉ ይዘባረቃል። ፕለጊኖቹንም `Deactivate` በሚለው ብቻ ያጥፉ፤ ቅንብሮቻቸው በቦታቸው ይቆያሉ። `Delete` ግን አንዳንዶቹን ከነመረጃቸው ጠራርጎ ያጠፋቸዋል።

ድረ ገጹ 16 ፕለጊኖች አሉት እንበል። የቅጹ ፕለጊን የምንፈትሸው እርሱ ስለሆነ ሁልጊዜ እንደበራ ይቆያል፤ የቀሩት 15 ተጠርጣሪዎች ናቸው። ከእነርሱ ስምንቱን ያጥፉና ቅጹን ከመለያዎ ወጥተው ይሞክሩ። አሁንም አልሠራም፤ ስለዚህ ተጠርጣሪው ከበሩት ሰባቱ አንዱ ነው። ከሰባቱ አራቱን ያጥፉ። ቅጹ ሠራ፤ ተጠርጣሪው አሁን ካጠፉዋቸው አራቱ ውስጥ ነው። ሁለቱን መልሰው ያብሩ። አሁንም ይሠራል፤ ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ሲያበሩ ቅጹ ዳግም ቀጥ አለ፤ ያበሩት የካሽ ፕለጊኑን ነው። አንድ በአንድ ቢሄዱ 15 ሙከራ ሊፈጅ የሚችለው በአራት አለቀ።

በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ካሹን ማጽዳት ግዴታ ነው። የካሽ ፕለጊኑ እንደበራ ከሆነ ከራሱ ገጽ፣ አስተናጋጅ ድርጅትዎ የራሱ ካሽ ካለው ደግሞ ከዚያም ያጽዱ። ይህን የዘለለ ሰው የሚያየው የቀድሞውን ገጽ ስለሆነ ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣዋል።

በመጨረሻ ግኝቱን በተቃራኒው ይፈትኑት። የካሽ ፕለጊኑን ብቻ አጥፍተው ሌሎቹን ሁሉ ያብሩ፤ ቅጹ ሊሠራ ይገባል። ከዚያ እርሱን ያብሩት፤ ሊበላሽ ይገባል። ሁለቱም ከሆነ ብቻ አገኘሁት ማለት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ በሚሠራ ድረ ገጽ ላይ ሲደረግ ጎብኚዎችን ያስቸግራል። Health Check & Troubleshooting የሚባለው ነጻ ፕለጊን ሌሎቹን ፕለጊኖች ለእርስዎ ብቻ አጥፍቶ ያሳያል፤ ጎብኚዎች ምንም አይታያቸውም። ነገር ግን የሚሠራው እርስዎ በመለያዎ ሲገቡ ነው። እንደ ማረፊያው ለጎብኚ ብቻ የሚታይ ብልሽት በእርሱ አይያዝም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ የማይበዛበትን ሰዓት መርጦ በእውን ማጥፋት ነው።

ለምን አሁን ተበላሸ?

የተሻሻለው የቅጹ ፕለጊን እንጂ የካሽ ፕለጊኑ አልነበረም፤ እርሱ ለረጅም ጊዜ በሰላም ሠርቷል። በውስጡ የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን የሚያዘገይ `defer` የተባለ ምርጫ በርቶ ነበር። ይህ ምርጫ ጄኩዌሪን ጨምሮ ፋይሎቹ ገጹ ተነብቦ ካለቀ በኋላ በተራቸው እንዲሠሩ ያደርጋል። የድሮው የቅጹ ፕለጊን ኮዱን በፋይል ያቀርብ ስለነበር እርሱም አብሮ ዘግይቶ ከጄኩዌሪ ቀጥሎ ይደርስ ነበር። አዲሱ ዕትም ግን አንድ ቁራጭ ኮድ በገጹ ውስጥ በቀጥታ ጻፈ። በገጽ ውስጥ የተጻፈ ኮድ ተራ አይጠብቅም፤ ብራውዘሩ እንደደረሰበት ወዲያው ያስኬደዋል። እንጀራው ሳይዘረጋ ወጡን እንደ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ የሚጣሉት ሲገናኙ ነው። መፍትሔውም ማንንም መንቀል አላስፈለገውም። በካሽ ፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ ከማዘግየት የሚገለሉ ፋይሎች በሚጻፉበት ሳጥን ይህን ማስገባት በቂ ሆነ፦

```
jquery.min.js
```

ካሹ ጸዳ፣ ቅጹ ሠራ። ገጹ በጥቂቱ ይዘገያል፤ አልጋ የሚያዝበት ቅጽ ከሚጠፋ ግን ይህ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ቅንብር ከሌለ ወደ ቀደመው ዕትም መመለስ ይቻላል። በWordPress.org በፕለጊኑ ገጽ `Advanced View` ከሚለው ግርጌ የቀድሞ ዕትሞች ይገኛሉ። ከመመለስዎ በፊት ግን የማሻሻያውን ማስታወሻ ያንብቡ። ማሻሻያው የደኅንነት ቀዳዳ የደፈነ ከሆነ አይመለሱ፤ ፕለጊኑን አጥፍተው ለጊዜው እንግዶች በስልክ እንዲደውሉ ማድረግ ይሻላል።

ገጹ ጭራሽ ካልተከፈተ

ከወርድፕሬስ 5.2 ወዲህ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድ ፕለጊን ድረ ገጹን ሲጥል የፕለጊኑን ስምና የመግቢያ ማስፈንጠሪያ የያዘ ኢሜይል ለአስተዳዳሪው ይላካል። ኢሜይሉ ካልደረሰ በአስተናጋጅ ድርጅትዎ የፋይል ማስተዳደሪያ ገብተው `wp-content` ውስጥ ያለውን `plugins` አቃፊ ስሙን ወደ `plugins-off` ይለውጡ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። በአስተዳዳሪነት ገብተው የፕለጊኖችን ገጽ ይክፈቱና የአቃፊውን ስም ይመልሱ። ከዚያ እኩሌታ እኩሌታውን እያበሩ ይፈልጉ።

ጥፋቱ በብራውዘሩ ከሆነ

ዘዴው ያው ነው፤ እኩሌታውን ኤክስቴንሽን አጥፍቶ ገጹን መጫን። ኤክስቴንሽኖች ሳይጠይቁ ከበስተጀርባ ስለሚዘምኑ ግን «ምንም አልነካሁም» የሚል ሰው ልክ ነው። አስቀድመው ሁለት ነገር ይመልከቱ። አዲሱ ዕትም ተጨማሪ ፈቃድ ከፈለገ ክሮም እርስዎ እስኪስማሙ ድረስ ኤክስቴንሽኑን ያጠፋዋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን የሚጠይቀውን ፈቃድ ሳያነቡ አይስማሙ። ሁለተኛው፣ ክሮም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኒፌስት ቪ2 በተባለው በድሮው ደንብ የተሠሩ ኤክስቴንሽኖችን ማገድ ጀምሯል፤ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ በአዲሱ ደንብ የተሠራ ምትክ ይፈልጉ እንጂ ስለ እርሱ አይድከሙ።

ሁሉም ኤክስቴንሽኖች በአንድ ጊዜ ከሞቱ ደግሞ ከመካከላቸው ጥፋተኛ አይፈልጉ። በሜይ 2019 እ.ኤ.አ. የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎች ኤክስቴንሽኖቻቸው ባንድ ጊዜ ጠፍተውባቸው ነበር፤ ምክንያቱ በሞዚላ በኩል የኤክስቴንሽኖቹ ፊርማ የሚረጋገጥበት ሰርተፊኬት ጊዜው ማለፉ ነበር። ያራገፉና እንደገና ለመጫን የሞከሩ ሰዎች ቅንብሮቻቸውን አጡ፤ የጠበቁት በሞዚላ ማስተካከያ ተመለሰላቸው።

ጥፋተኛውን ካገኙ በኋላ ለሠሪው ይጻፉለት። በወርድፕሬስ `Tools` ሥር `Site Health` ውስጥ `Info` የሚለውን ሲከፍቱ የሁሉንም ፕለጊን ዕትም በአንድ ጊዜ መቅዳት ይቻላል። እርሱን፣ የቀዩን መስመር፣ ሁለቱ ፕለጊኖች ሲገናኙ ብቻ እንደሚበላሽና ከመለያ ወጥቶ ብቻ እንደሚታይ ይግለጹ፤ ይህን ያልተነገረው ሠሪ በራሱ ኮምፒውተር ሞክሮ «እኔ ዘንድ ይሠራል» ብሎ ይመልስልዎታል።