ለቤት አከራይ በንዴት የጻፋችሁትን አረጋግታችሁ ላኩ፣ ቅሬታው ግን አንድም አይቅር

ውጭ ሆናችሁ አዲስ አበባ ዳር ላይ እናታችሁ የምትኖርበትን ቤት ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። እናት በስልክ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ትላለች። እህት ደግሞ ማታ ላይ ለብቻዋ ደውላ እውነቱን ትዘረግፈዋለች። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ላይ የሚጻፈው ለአከራይ የሚላክ አይደለም። ግን አታጥፉት። ቅሬታው በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ሰው ሲናደድ የሚረሳው ነገር የለም።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው እንዳለ ሲላክ ነው። አከራይዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ናት፤ የበሩ ቁልፍ፣ የውሃው ቫልቭ፣ የመብራቱ ቆጣሪ በእጇ ነው። ስድቡን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እናት ናት። ሁለተኛው ደግሞ «ትሁት ልሁን» ብሎ አምስት ቅሬታ «ትንሽ የውሃ ነገር እንዳለ ሰምቼ ነበር» በሚል አንድ መስመር መቅበር ነው። እኔ እንደማየው ይሄኛው ይበዛል። ከንዴት የተረፈው ሰው በይሉኝታ ይሸነፋል።

አንድ ወዳጄ እናቱ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይታለች። አከራይዋ ዋናው ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሊልክላት ያሰበው ይህን ነበር፦

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አይደለሽም እንዴ? እናቴ በስተርጅና ውሃ በጀሪካን ስትገዛ አንቺ ሮቶሽን ሞልተሽ ትዘጊባታለሽ። እንጀራ የምትሸጪበትን መብራት እሷ ትክፈልልሽ? ሌባ! ጣራው አልጋዋ ላይ እያፈሰሰ ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ ስንት ጊዜ ተነገረሽ። በሩን በ2 ሰዓት ቆልፈሽ የአክስቴን ልጅ ውጭ አስቀረሽው፣ እስር ቤት ነው እንዴ? አሁን ደግሞ ሳታፍሪ ከመስከረም ጀምሮ 4,000 ብር ጨምሩ ወይ ውጡ ትያለሽ። ግብር እንደምትሰውሪ እናውቃለን፣ ቆይ ታያታለሽ!»

መጀመሪያ የምትሠሩት ማረም ሳይሆን መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «ምን አድርጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው ቅሬታ ነው፣ ቁጥር ስጡት። እዚህ ውሃ፣ መብራት፣ ጣራ፣ በር፣ ጭማሪ አለ፤ አምስት ይመስላል። ስድስተኛው ግን «ስንት ጊዜ ተነገረሽ» ውስጥ ተደብቋል። ተነግሯት መልስ አለመስጠቷ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው፣ ሲረጋጋ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። «ሌባ» ለብቻው መልስ የለውም፤ «ምን አድርጋ?» ሲባል ግን የመብራቱ ሂሳብ ይመጣል። ስድቡ ይውጣ፣ ሂሳቡ ይቆይ። «ግብር ትሰውሪያለሽ» ደግሞ ቅሬታ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። እናትየዋን የጎዳት ነገር የለውምና ከደብዳቤው ይወጣል።

በነገራችን ላይ ይህችን የግብር ነገር ከመጻፋችሁ በፊት የእናንተን ውል አውጥታችሁ እዩት። ብዙ ሰው ውሉ ላይ ከሚከፍለው ያነሰ ኪራይ እንዲጻፍ ተስማምቶ ይፈርማል። እንዲያ ከሆነ ጣታችሁን ስትቀስሩ ወደ ራሳችሁም ነው። ውሸት ቁጥር ደብዳቤ ውስጥ አታስገቡ፣ ጉዳዩንም ከመንካታችሁ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር መቼ፣ ስንት፣ ማን አየ የሚለውን ከእህት ጠይቁ። የጣራውን ፎቶ፣ የመብራቱን ቢል፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የጀሪካኑን ወጪ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። «ኦገስት 12» ብትሉ አከራይዋ ነሐሴ 6 መሆኑን ቆጥራ አታወጣውም፣ ወረዳም ሄዶ ግራ ያጋባል። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ማታ 2 ሰዓት ማታ 2 ሰዓት ነው፣ «8 ፒኤም» አይደለም።

የመብራቱን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በቀን አራት ሰዓት ቢጋገርበት ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የወዳጄ እናት ያላት ሁለት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ነው። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ ቢሉም እኩል ይካፈላል። (እንጀራዋን የምትገዛውም ከዚችው አከራይ ነው፣ እንግዲህ ምን ይባላል!) ይህን በቁጥር ስታስቀምጡት «ሌባ» ከማለት በላይ ይናገራል፣ አከራይዋም የምትመልሰው ነገር ይኖራታል።

አሁን ወደ ቋንቋው። «እርስዎ» ማለት ቅሬታውን አያለሳልሰውም፣ ስለዚህ አትፍሩት። የሚያለሳልሱት ሌሎች ናቸው፦ «ትንሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ምናልባት»፣ «ካልከበደዎት»። በሳምንት ሁለቴ የሚሆነውን «አልፎ አልፎ» ካላችሁት አንድ ቅሬታ ጣላችሁ ማለት ነው። ሌላው ወጥመድ አድራጊውን መደበቅ ነው። «ውሃው ይዘጋል» ስትሉ ጥፋቱ የውሃና ፍሳሽ ይመስላል። «ቫልቩን ይዘጉታል» በሉ። ጨዋ ነው፣ ማን እንደዘጋውም ያሳያል። በተቃራኒው ልቧን እንደምታውቁ አድርጋችሁ አትጻፉ። «ሆነ ብለው» ይውጣ፣ የምታረጋግጡበት መንገድ የላችሁም።

ጭማሪው ላይ ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዝቅተኛው ዘመን ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው እንጂ አከራይ ባሰኘው ቁጥር አይደለም። አዋጁን ጥቀሱት፣ ግን በደብዳቤው ስለ ጭማሪው የምትጽፉበት ቦታ ላይ ብቻ። ጣራው ሲያፈስ ስድስት ጊዜ አዋጅ ከተጠራ አከራይዋ ማንበቡን ትተዋለች። ውላችሁ ካልተመዘገበ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ማን ይፈርም? ውሉ በእናት ስም ከሆነ ደብዳቤው የእሷ ነው። እናንተ ጻፉት፣ እሷ ታንብበው ወይም ይነበብላት፣ ትፈርም። ሳታውቀው አትላኩ፤ እዚያ ግቢ የምታድረው እሷ ናት፣ «ይሄኛውን ተወው» ካለች መብቷ ነው። ውሉ በእናንተ ስም ሆኖ ወረዳ ሄዶ የሚከራከርላችሁ ሰው ካስፈለገ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና መላክ ይኖርባችኋል፣ እሱ ጊዜ ይወስዳል።

የወዳጄ ጽሑፍ በመጨረሻ በእናቱ ስም ሆኖ ይህን መሰለ፦

«ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ …

እንደምን ሰነበቱ። በግንቦት ታምሜ ሳለሁ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው በቃል የነገርኩዎት ጉዳዮች ስላልተፈቱ ነው።

1. ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል። ሮቶዎ ከሞላ በኋላ ወደ እኔ ቤት የሚሄደውን ቫልቭ ይዘጉታል። በሐምሌ ወር 22 ጀሪካን ውሃ ገዝቻለሁ። በፈረቃው ሌሊት ቫልቩ ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

2. የሁለታችን ቤትና የእንጀራ መጋገሪያዎ በአንድ ቆጣሪ ናቸው፣ ሂሳቡን ግን እኩል እንከፍላለን። የሰኔና የሐምሌ ድርሻዬ ተብሎ 1,900 ብር ከፍያለሁ። ለእኔ ቤት ለብቻው የሚቆጥር ቆጣሪ እንዲገባ፣ እስከዚያ በምንስማማበት ቁርጥ ድርሻ እንድከፍል፣ ያለፈውንም ሁለት ወር አብረን እንድናሰላው እጠይቃለሁ።

3. የመኝታ ክፍሌ ጣራ ከሰኔ 20 ጀምሮ አልጋዬ ላይ ያፈስሳል። ፍራሼ ተበላሽቷል፣ ፎቶው ተያይዟል። ጣራው እስከ ነሐሴ 25 እንዲጠገን፣ ስለ ፍራሹም እንድንነጋገር እጠይቃለሁ።

4. ስለ ጣራው ሰኔ 22 እና ሐምሌ 10 በቃል ነግሬዎት ነበር፣ መልስ አላገኘሁም። ለዚህ ደብዳቤ መልስዎን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

5. የግቢው በር ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ይቆለፋል፣ ለእኔ ቁልፍ አልተሰጠኝም። ሐምሌ 19 መድኃኒት ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ በሩ ሳይከፈትለት ተመልሷል። አንድ ቁልፍ ይሰጠኝ።

6. ነሐሴ 5 ከመስከረም ጀምሮ 4,000 ብር እንድጨምር ወይም እንድወጣ በቃል ነግረውኛል። መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመው ውላችን የሁለት ዓመት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። የጠየቁት በዚያ መሠረት ከሆነ በጽሑፍ ይግለጹልኝ። እስከዚያ በውሉ ያለውን ኪራይ በባንክ መክፈሌን እቀጥላለሁ።

እስከ ነሐሴ 25 ካልተስማማን ጉዳዩን ውላችን ለተመዘገበበት ወረዳ አቀርባለሁ።»

«ቆይ ታያታለሽ» የት እንደገባ አያችሁ? የመጨረሻዋ መስመር ናት። ቀን አላት፣ ቦታ አላት፣ ልትፈጽሙት የምትችሉት ነገር ነው። የማታደርጉትን አትጻፉ። ምስጋናውም እውነት ስለሆነ ነው የገባው፤ የሌለ ውለታ ፈጥራችሁ አታመስግኑ፣ ሽንገላ መሆኑ ያስታውቃል።

ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከጎን አድርጋችሁ ስድስቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከዚያ አዲሱን ጽሑፍ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡና «ስንት ችግር አለ?» በሉት። አራት ካለ ሁለቱን አለዝባችሁ ቀብራችኋል ማለት ነው።

አላላኩ ቀላል ነው። ሁለት ቅጂ ይታተም። ዘመድ ይውሰድ፣ አንዱን ለአከራይዋ ይስጥ፣ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብላ ቀን ጽፋ ትፈርም። አልፈርምም ካለች ምስክር ባለበት ይሰጥና በቴሌግራምም ፎቶው ይላክ፣ የተነበበበት ምልክት ይቀመጥ። እሷ በድምፅ መልእክት ከመለሰች፣ የሰማችሁትን በሦስት መስመር ጽፋችሁ «እንዲህ ብለዋል፣ ልክ ተረድቻለሁ?» ብላችሁ መልሱላት።