ባዶ ሴሎችን ከጎረቤት ረድፎች ገምቶ መሙላትና ግምቱን መለየት

በየሰዓቱ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ አንዳንዴ ይዘላል። ባትሪው ይደክማል ወይም ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ባዶ ሴል ይቀራል። ሙቀት በአንዴ ስለማይዘል፣ ከባዶው በላይና በታች ያሉት ረድፎች መሃል ላይ ስለነበረው ቁጥር ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህ መገመት ይቻላል። ግን የተገመተው ቁጥር ከተለካው ጋር ተቀላቅሎ ከጠፋ፣ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች፣ መሙላቱንና ምልክት ማድረጉን፣ አብረን እንሠራለን። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃል።

ምሳሌያችን የአንድ መጋዘን የአንድ ቀን መዝገብ ነው። A ዓምድ ሰዓቱን፣ B ዓምድ የተለካውን ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ ይይዛል። የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ስለሆነ ዳታው ከ2ኛው ረድፍ ይጀምራል።

```
ረድፍ   A       B
2     06:00   14.0
3     07:00   15.2
4     08:00
5     09:00
6     10:00   20.0
7     11:00   21.4
8     12:00   22.3
9     13:00
10    14:00
11    15:00
12    16:00
13    17:00
14    18:00   17.5
```

መጀመሪያ ባዶው እውነት ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

አንዳንድ መሣሪያ ሳይለካ ሲቀር ባዶ አይተውም፤ 0 ወይም -999 ይጽፋል። ይህን ሳታዩ ካለፋችሁ 0 ዲግሪን እንደ እውነተኛ ልኬት ትወስዱታላችሁ። ሌላው ችግር ለዓይን ባዶ የሚመስል ግን ክፍት ቦታ ወይም ሰረዝ የተጻፈበት ሴል ነው። እንዲህ ያለ ሴል መኖሩን ለማወቅ ቁጥር ያለባቸውንና ባዶ የሆኑትን ቁጠሩ፦

```
=COUNT(B2:B14)
=COUNTBLANK(B2:B14)
```

የእኛ መልስ 6 እና 7 ነው፤ ሲደመር 13፣ ልክ እንደ ረድፎቹ ብዛት። ድምሩ ከረድፎቹ ካነሰ ቁጥርም ባዶም ያልሆነ ነገር የሆነ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። ፈልጋችሁ አጥፉት። ሰንጠረዡም በሰዓት ቅደም ተከተል መደርደሩን እዚሁ እዩ። የሁለት ክፍሎች መዝገብ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ካለ ለየብቻ አድርጉት፤ አለዚያ የአንዱ ክፍል የመጨረሻ ረድፍ ለሌላው ክፍል ጎረቤት ሆኖ ይቆጠራል።

B ዓምድን አትንኩት

የሚሞላው ሁሉ በC ዓምድ ይሁን። B ላይ የተለካው ብቻ ይኑር። C2 ላይ ይህን ጽፋችሁ እስከ ታች ጎትቱት፦

```
=IF(B2="","",B2)
```

ዝም ብሎ `=B2` ማለት አይሆንም። B ባዶ ሲሆን ኤክሴል ላይ ፎርሙላው 0 ይመልሳል፤ ያኔ ያልተለካው ሰዓት ሁሉ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አጭሩን ክፍተት ሙሉ

በ07:00 እና በ10:00 መሃል 2 ልኬቶች ጎድለዋል። በ3 ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከ15.2 ወደ 20.0 ወጥቷል፤ ልዩነቱ 4.8 ነው። ለ3 ሲካፈል በሰዓት 1.6 ይደርሳል። ስለዚህ 08:00 ላይ 16.8፣ 09:00 ላይ 18.4 ብለን እንገምታለን። C4 ላይ እንዲህ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ C5 ይጎተታል፦

```
=IF(B4<>"",B4,$B$3+($B$6-$B$3)*(A4-$A$3)/($A$6-$A$3))
```

ፎርሙላው የሚያሰላው በረድፍ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ልዩነት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፦ መሣሪያው አንዳንዴ ባዶ ሴል እንኳ ሳይተው ረድፉን ጭራሽ ይዘለዋል። ረድፍ ቆጥሮ የሚያካፍል ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል።

ረጅሙን ክፍተት ተዉት

ከ13:00 እስከ 17:00 ያለውን በዚሁ መንገድ ብንሞላው 15:00 ላይ 19.9 ይወጣል። ቁጥሩ ደህና ይመስላል፤ ግን አይታመንም። ሙቀት ብዙ ጊዜ ጫፍ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፣ የእኛ መስመር ግን ከ12:00 ጀምሮ ቁልቁል ብቻ ይወርዳል። በሁለት ጎረቤቶች መሃል የሚሰመር ቀጥታ መስመር ከሁለቱ በላይ ወይም በታች የሆነ ቁጥር በጭራሽ አያወጣም። ስለዚህ ጫፉ ክፍተቱ ውስጥ ከነበረ ግምቱ ይደብቀዋል። መጋዘኑ ከመጠን በላይ ሞቆ እንደሆነ ለማወቅ የምንፈልግ ከሆነ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ጫፍ ነው። እኔ በዚህ ዳታ ላይ ከ2 ተከታታይ ባዶ በላይ አልሞላም። የመጀመሪያዎቹን 2 ሞልቶ የቀሩትን 3 መተውም አያዋጣም፤ ክፍተቱ ረጅም ከሆነ ሙሉውን ክፍት ተዉት።

ገደቡን በግምት ብቻ ማስቀመጥ የለባችሁም፣ መፈተሽ ይቻላል። የምታውቁትን ልኬት ደብቁና ከጎረቤቶቹ ገምቱት። ለምሳሌ የ11:00ን 21.4 ብንደብቅ፣ ከ20.0 እና ከ22.3 መሃል 21.15 ይወጣል፤ ስህተቱ 0.25 ዲግሪ ነው። አንድ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። ብዙ ቀን ያለው መዝገብ ካላችሁ በተለያዩ ሰዓቶች ደጋግሙት፣ የስህተቶቹንም አማካይ ያዙ። ፈተናው ሐቀኛ እንዲሆን የምትደብቁት ርዝመት ልትሞሉት ካሰባችሁት ክፍተት ጋር እኩል ይሁን። አንድ ሰዓት ደብቆ የተገኘ ትንሽ ስህተት ስለ 5 ሰዓት ክፍተት አይመሰክርም።

እያንዳንዱን ሴል ሰይሙ

D2 ላይ ይህን ጽፋችሁ ጎትቱት፦

```
=IF(B2<>"","ልኬት",IF(C2<>"","ግምት","ክፍት"))
```

አሁን 6 ልኬት፣ 2 ግምት፣ 5 ክፍት አለን። ብዙ ሰው ግምቱን ቢጫ ቀለም ይቀባና ያልፋል። ቀለም ለዓይን ጥሩ ነው፣ ግን ፋይሉ በሲኤስቪ ሲቀመጥ ይጠፋል፤ ፎርሙላም አያነበውም። በዓምድ የተጻፈ ቃል ግን ፋይሉ በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ለስሌትም ይሆናል፦

```
=AVERAGEIF(D2:D14,"ልኬት",C2:C14)
=AVERAGE(C2:C14)
```

የመጀመሪያው የተለካውን ብቻ ወስዶ 18.4 ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግምቱንም ጨምሮ 18.2። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንባቢ ግምቱ ውጤቱን ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰው ያያል። ሁለቱም ግን የጎደለውን ከሰዓት በኋላ አያውቁትም፣ ስለዚህ "የቀኑ አማካይ" ብላችሁ አትጥሯቸው። ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ስትፈልጉም ከልኬት ብቻ ውሰዱ።

በመጨረሻ በሌላ ሺት ላይ አጭር ማስታወሻ ተዉ፦ በየትኛው ዘዴ እንደሞላችሁ፣ የክፍተት ገደባችሁ ስንት እንደሆነ፣ በፈተናው የተገኘው አማካይ ስህተት ምን ያህል እንደሆነ። የጠፋው ልኬት ቆይቶ ከመሣሪያው ማህደረ ትውስታ ከተገኘ B ላይ ብቻ ጻፉት። ፎርሙላው መጀመሪያ Bን ስለሚያይ C ላይ ያለው ግምት ለእውነተኛው ቁጥር ቦታውን ይለቃል፣ D ላይ ያለው ስምም በራሱ ወደ "ልኬት" ይቀየራል።