375,000 ሰከንድ ስንት ቀን ነው?

ሊኑክስ ሰርቨር ላይ `cat /proc/uptime` ብላችሁ 375000.00 የሚል ቁጥር ከመጣ፣ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለፈው ጊዜ በሰከንድ ነው። ከጎኑ ያለውን ሁለተኛ ቁጥር እርሱት፣ እሱ ፕሮሰሰሮቹ ሥራ ፈትተው የቆዩበት ድምር ነው።

አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። 375,000ን ለእሱ ስታካፍሉ ካልኩሌተሩ 4.3402 ምናምን ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ .34ን አይቶ «4 ቀን ከ34 ደቂቃ» ወይም «ከ3 ሰዓት» ብሎ ያልፋል። ነጥቡ ግን የቀን ክፍልፋይ እንጂ ሰዓትም ደቂቃም አይደለም።

ስለዚህ 4ቱን ብቻ ያዙና ቀሪውን በሰከንድ አውጡ። 4 ሲባዛ በ86,400 345,600 ነው፣ ከ375,000 ሲቀነስ 29,400 ይተርፋል። እሱን ለ3,600 አካፍሉት፦ 8 ሰዓት ሙሉ፣ ማለትም 28,800፣ ይወጣና 600 ሰከንድ ይቀራል። 600 ለ60 ደግሞ 10 ደቂቃ፣ ምንም ሳይተርፍ።

መልሱ 4 ቀን ከ8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ካልኩሌተር ለማትወዱ ደግሞ ተርሚናሉ ራሱ ይሠራላችኋል፣ `%` ቀሪውን ነው የሚሰጠው፦

```
s=375000
echo $((s/86400)) $((s%86400/3600)) $((s%3600/60))
```

4 8 10 ብሎ ያወጣል።