የቀን እንቅልፍ ያቆመ ልጅ ማታ አልተኛም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አብዛኞቹ ልጆች የቀን እንቅልፍን ጨርሰው የሚተዉት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማታ ግብግብ ብዙውን ጊዜ መነሻው ከሁለት አንዱ ነው፤ ልጁ ከልክ በላይ ደክሟል፣ ወይም ገና አልደከመም። ላይ ላዩን ሁለቱም ያው ልቅሶ፣ ያው «አልተኛም» ናቸው። መፍትሄያቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ከመቆጣት በፊት መለየት ይቀድማል።

በእርግጥ አቁሟል?

ልጁ ገና 2 ዓመት አካባቢ ከሆነና ለጥቂት ቀናት ብቻ እምቢ ካለ፣ አላቆመም። ሁለት ሳምንት ያህል በለመደው ሰዓት ማስተኛታችሁን ቀጥሉ። ለማቆም የደረሰ ልጅ ቀን ከተኛ ማታ እስከ 4 ሰዓት ዓይኑ እንደፈጠጠ ያመሻል፤ ቀን ካልተኛ ደግሞ እስከ ራት ድረስ ደህና ሆኖ ይውላል።

ምልክት፦ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፣ እየተደናቀፈ ይወድቃል፣ ከዚያ ድንገት ይነቃና ይሯሯጣል

ይህ የድካም ምልክት ነው። «እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ምን እንቅልፍ አለው» ብሎ ማሳለፍ ነው ነገሩን የሚያባብሰው። ሰውነቱ ድካሙን ለመቋቋም የሚያነቃቃ ሆርሞን ስለሚያመነጭ የነቃ ይመስላል። ማረጋገጫው፣ አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ ትንሽ አልቅሶ በደቂቃዎች ውስጥ ጭልጥ ማለቱ ነው። በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሳይነቃ ሊጮህም ይችላል። ያኔ አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ አጠገቡ ሁኑ፣ ራሱ ይረጋጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቀኑ እንቅልፍ ሲቀር የማታው ሰዓት አልተቀየረም። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ድሮ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኝቶ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳ የነበረ ልጅ 11 ሰዓት ያገኝ ነበር። የቀኑ ሲቀነስ የሚተርፈው 9 ብቻ ነው። ስለዚህ መኝታውን ወደ 1 ሰዓት አምጡት፤ ራቱ 12 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ከዚያ መታጠብ፣ አንድ ተረት፣ አልጋ። ባሕር ዳር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከ1 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ጨለማው ያግዛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ግን ክፍሉ እስከ ማታ ይጋላል፤ በጊዜ አናፍሱት፣ ወባ ትንኝ ሳትገባ መስኮቱን ዝጉና አጎበሩን አውርዱ።

አባት አምሽቶ የሚገባበት ቤት ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጁን አባቱን እንዲጠብቅ ከማስመሸት፣ አብሮነቱን ወደ ጠዋት ማዞር ይሻላል።

ምልክት፦ አልጋ ላይ ደስ ብሎት ይጫወታል፣ ውሃ፣ ሽንት፣ ሌላ ተረት እያለ ሰዓት ይፈጃል

ይህ ልጅ አልደከመም፤ የሆነ ቦታ ተኝቷል። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር አካባቢ የምትኖር የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ነበረች፤ ቀን አትተኛም እየተባለ ማታ እስከ 4 ሰዓት ትፈነጥዛለች። ቀኗ በደንብ ሲታይ፣ እናቷ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከአያቷ ቤት ስትወስዳት ባጃጅ ውስጥ ታንቀላፋለች። ሃያ ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመውን የእንቅልፍ ፍላጎት ለመሸራረፍ ይበቃል። አያቷም መክሰስ ላይ ሻይ ይሰጧት ነበር፤ ሻይ ደግሞ ካፌይን አለው።

እናት ሁለት ነገር ለወጠች። «እማዬ፣ ሻዩን ተይው፤ በወተት ትብላ» አለች። ልጅቷንም 9 ሰዓት ላይ፣ ሳይደክማት መውሰድ ጀመረች። ባጃጅ ውስጥም ማንጎ አስይዛ፣ መንገድ ላይ የሚያዩትን እያስቆጠረች ታመጣታለች። እንዲያም ሆኖ ካንቀላፋች ወዲያው ይቀሰቅሷትና የዚያን ቀን ብቻ መኝታዋን በግማሽ ሰዓት ያዘገያሉ።

ማቆያ የሚውል ልጅ ከሆነ ተንከባካቢዋን ስንት ደቂቃ እንደሚተኛ ጠይቁ። ማስተኛት ግዴታ ከሆነም ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ከ8 ሰዓት በፊትም እንዲነቃ ተነጋገሩ።

ምልክት፦ አንድ ቀን ይተኛል፣ አንድ ቀን አይተኛም

ይህ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ጤናማ ነው። ከምሳ በኋላ 45 ደቂቃ ያህል ያለ ቴሌቪዥንና ስልክ፣ መጽሐፍ ወይም አሻንጉሊት ይዞ ጋደም ይበል። ከተኛ ተኛ፤ ካልተኛ የዚያን ማታ ቀደም ብሎ ይግባ።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ከአልጋ እየወረደ ከመጣ፣ ሳትቆጡና ሳታወሩ እጁን ይዛችሁ መልሱት፤ ሁልጊዜም «አሁን የመኝታ ሰዓት ነው» ብቻ በሉ። አንድ ቀን እሺ ብላችሁ ሳሎን ካስቀመጣችሁት በማግስቱ የባሰ ይሞግታል።

በቂ ሰዓት ተኝቶም ቀን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ወይም በየሌሊቱ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ልጅ ግን የሰዓት ችግር አይደለም ያለበት። የሕፃናት ሐኪም ይየው።