የሁለት ካፌዎች የዋጋ ፉክክር፦ ሰንጠረዡን ስናነብ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ሁለት ካፌዎች መንገዱን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተያይተዋል። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱም ማኪያቶ ይሸጣሉ። ጠዋት ከመክፈታቸው በፊት እያንዳንዱ የቀኑን ዋጋ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፦ 40 ብር ወይም 50 ብር። የጎረቤት ዋጋ የሚታወቀው ሁለቱም ሰሌዳቸውን ካወጡ በኋላ ነው።

ካፌዎቹም ቁጥሮቹም ለጌም ቲዎሪ ምሳሌ እንዲሆኑ የተፈጠሩ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ስለሚጠቅም ከመነሻው እንጀምር። ቡናው፣ ወተቱና ስኳሩ ተደምሮ አንድ ማኪያቶ 20 ብር ይፈጃል። ሁለቱም 50 ካሉ እያንዳንዳቸው በቀን 200 ይሸጣሉ። ሁለቱም 40 ካሉ ደግሞ 220 220 ይደርሳቸዋል። አንዱ 40፣ ሌላው 50 ካለ ግን ሰው ወደ ርካሹ ይጎርፋል፤ ርካሹ 350 ሲሸጥ ውዱ 80 ብቻ ይሸጣል። ከዋጋው ላይ 20 ብር ቀንሰን በብዛቱ ስናባዛ የቀኑን ትርፍ እናገኛለን፦

| | ቀኙ 40 | ቀኙ 50 |
|---|---|---|
| ግራው 40 | 4400 ፣ 4400 | 7000 ፣ 2400 |
| ግራው 50 | 2400 ፣ 7000 | 6000 ፣ 6000 |

በየሳጥኑ በግራ በኩል ያለው ቁጥር የግራው ካፌ ትርፍ ነው፤ በቀኝ ያለው የቀኙ።

አንደኛ፦ ዓይንን ወደተሳሳተ አቅጣጫ መውሰድ

ተማሪዎችን ሳስጠና አብዝቼ የማየው ስህተት ይሄ ነው። ተማሪው ከግራው ካፌ ይጀምራል። ጣቱን «ግራው 40» የሚለው ረድፍ ላይ ያደርግና ወደ ጎን ይሄዳል፦ 4400፣ ቀጥሎ 7000። «7000 ይበልጣል» ይልና ያከብበዋል። ምኑን ከምን እንዳወዳደረ ግን ልብ አላለም። ከ4400 ወደ 7000 የሚያሻግረው የቀኙ ካፌ ዋጋ ነው። ግራው መንገድ ተሻግሮ የጎረቤቱን ሰሌዳ መጻፍ አይችልም።

ግራው የሚመርጠው ረድፍ ነው። ስለዚህ የሱ ቁጥሮች የሚወዳደሩት በአንድ ዓምድ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። እኔ «ቀኙ 50» የሚለውን ዓምድ በወረቀት እሸፍነዋለሁ። አሁን የሚታየኝ ቀኙ 40 ያለበት ቀን ብቻ ነው። ለግራው 4400 ይሻላል 2400? 4400። ከስሩ አሰምርበታለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ሌላው ዓምድ አዛውረዋለሁ። 7000 ወይስ 6000? 7000፤ አሁንም አሰምራለሁ። ሁለቱም መስመሮች ያረፉት «ግራው 40» ረድፍ ላይ ነው። ጎረቤቱ ምንም ቢል ለግራው 40 ማለት ይሻለዋል ማለት ነው። ዶሚናንት ስትራቴጂ የምንለው ይህንን ነው።

ለቀኙ ካፌ ወረቀቱ የሚሸፍነው ረድፍ ነው፤ የምናየውም ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ግራው 40 ሲል ለቀኙ 4400 ከ2400 ይሻላል። ግራው 50 ሲል ደግሞ 7000 ከ6000። ለሱም 40 ዶሚናንት ነው። አሁን ሰንጠረዡን ስናይ ሁለቱም ቁጥሮቹ የተሰመረባቸው ሳጥን አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱም 40 ያሉበት። እያንዳንዱ የሌላውን ዋጋ አይቶ «የኔን ብቀይር ኖሮ» ብሎ የማይቆጭበት ቦታ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ ሐሳቡን በ1950 እ.ኤ.አ. ስላሳተመው ናሽ ኢኩሊብሪየም ይባላል። ዋጋው በዕጣ ሳይሆን ቁርጥ ተደርጎ ስለተመረጠ ደግሞ ፒዩር ስትራቴጂ እንለዋለን።

ሁለተኛ፦ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ማወዳደር

«7000 ለ2400፤ ግራው አሸነፈ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ይሄ የኳስ ውጤት አነባበብ ነው። ካፌው የሚፈልገው የራሱን ትርፍ ማብዛት እንጂ ጎረቤቱን መብለጥ አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቀኙን ካፌ ቁጥሮች በሙሉ በአሥር አባዟቸው። አሁን ቀኙ በየሳጥኑ ይበልጣል። የግራው ውሳኔ ግን ቅንጣት ታህል አይቀየርም፤ የሱ ቁጥሮች አልተነኩምና።

ሦስተኛ፦ ለሁለቱም የሚበጀውን ሳጥን ኢኩሊብሪየም ማለት

ዓይን 6000 ፣ 6000 ላይ መውደቁ አያስገርምም። ሁለቱ ተደምረው 12000 ያገኛሉ፤ ኢኩሊብሪየሙ ላይ ግን 8800 ብቻ። ታዲያ ለምን እዚያ አይቆሙም?

እስቲ እዚያ እናቁማቸውና እንያቸው። ሁለቱም 50 ጽፈዋል። ግራው ለብቻው ወደ 40 ቢወርድ 6000ው 7000 ይሆንለታል። ቀኙም እንደዚያው። አንድ ሳጥን ኢኩሊብሪየም መሆኑን የምናውቀው ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ካፌ ለየብቻ ጠይቀን ነው፦ የሌላው ዋጋ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄኛው ብቻውን ቢቀይር ያተርፋል? አንዱ እንኳ «አዎ» ካለ ሳጥኑ ወደቀ። የድምሩ ትልቅነት ከዚህ ጥያቄ ውስጥ የለበትም።

«ማታ ተደዋውለው ቢስማሙስ?» ይባላል። ሕጉን እንኳ ብንተው (የኢትዮጵያው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ ከልክሏል)፣ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቃልን የሚያስከብር ነገር የለም። ጠዋት ቃሉን ያፈረሰ 1000 ብር ይጨመርለታል። በየቀኑ ሲገናኙ የነገ ቅጣት የዛሬውን ፈተና ሊገታው ይችላል። ያ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ የአንድ ቀን ሰንጠረዥ አያሳየውም።

መልስ ስትጽፉም «ኢኩሊብሪየሙ 4400 ፣ 4400 ነው» አትበሉ። ኢኩሊብሪየሙ የዋጋዎቹ ጥንድ ነው፦ (40 ፣ 40)። 4400 ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ነው።

አራተኛ፦ በትርፍ ፋንታ ሽያጭ መሙላት

ይሄኛው ስህተት የሚሠራው ሰንጠረዡ ገና ሲሞላ ነው። ስለዚህ በኋላ አሰማመራችሁ ልክ ቢሆንም አያድናችሁም።

ወተትና ቡና ተወደደ እንበልና የአንድ ማኪያቶ ወጪ ከ20 ወደ 28 ብር ይውጣ። ብዛቱ እንደነበረ ነው። በሽያጭ የሚሞላ ሰው አንድም ቁጥር አይቀይርም። ሁለቱም 50 ሲሉ 10000 10000፣ አንዱ ብቻ ሲወርድ ለወረደው 14000 ላልወረደው 4000፣ ሁለቱም 40 ሲሉ 8800 8800። «40 አሁንም ዶሚናንት ነው» ይላል። በትርፍ ስንሞላው ግን እንዲህ ይሆናል፦

| | ቀኙ 40 | ቀኙ 50 |
|---|---|---|
| ግራው 40 | 2640 ፣ 2640 | 4200 ፣ 1760 |
| ግራው 50 | 1760 ፣ 4200 | 4400 ፣ 4400 |

ወረቀታችንን እናምጣ። ቀኙ 40 ሲል ለግራው 2640 ከ1760 ይሻላል፤ 40። ቀኙ 50 ሲል ግን 4400 ከ4200 ይሻላል፤ 50። መስመሮቹ ሁለት የተለያዩ ረድፎች ላይ አረፉ። ዶሚናንት ስትራቴጂ የለም ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ማኪያቶ የሚቀረው 12 ብር ብቻ ሲሆን፣ 150 ማኪያቶ ለመጨመር ብሎ 10 ብር መጣል አያዋጣም። ወጪው ከ26 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ሲያልፍ ነው ይህ የሚገለበጠው።

የቤት ኪራይስ? ኪራይ ብዙ ቢሸጥም ባይሸጥም ያው ነው። በቀን 1000 ብር ከሆነ ከግራው አራት ቁጥሮች ሁሉ 1000 ይቀነሳል፤ የትኛው ከየትኛው ይበልጣል የሚለው አይነካም። ሰንጠረዡን የሚያዞረው በእያንዳንዱ ማኪያቶ ላይ የሚወጣው ወጪ ነው።

አምስተኛ፦ «ዶሚናንት ከሌለ ኢኩሊብሪየም የለም» ብሎ መዝጋት

ከላይ ያለውን ሰንጠረዥ ሳይተዉ ይጨርሱት። ለቀኙም ብናሰምር ሁለት ሳጥኖች ሁለት ሁለት መስመር ያገኛሉ፦ (40 ፣ 40) እና (50 ፣ 50)። ሁለቱም ኢኩሊብሪየም ናቸው። ስለዚህ አንዱን ያገኘ ሰው እስክሪብቶውን እንዳያስቀምጥ። አራቱም ሳጥኖች መታየት አለባቸው። «(50 ፣ 50) ለሁለቱም ስለሚሻል መልሱ እሱ ብቻ ነው» ማለትም አይቻልም። ጎረቤቱ 40 ይላል ብሎ የሰጋ ካፌ 40 ቢል ልክ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ሰንጠረዡ ብቻውን አይነግረንም።

ሌላም አለ። ግራው ካፌ የድሮውን 20 ብር ወጪ ይዞ ቆየ፤ ቀኙ 28 ውስጥ ገባ እንበል። የግራውን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ፣ የቀኙን ከሁለተኛው እንወስዳለን፦

| | ቀኙ 40 | ቀኙ 50 |
|---|---|---|
| ግራው 40 | 4400 ፣ 2640 | 7000 ፣ 1760 |
| ግራው 50 | 2400 ፣ 4200 | 6000 ፣ 4400 |

ለግራው 40 ዶሚናንት ነው። ለቀኙ ግን ምንም ዶሚናንት የለውም፤ እንደ ጎረቤቱ ይቀያየራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ዶሚናንትነት የእያንዳንዱ ካፌ የግል ጉዳይ ነው፤ አንዱ ስላለው ሌላው አለው አይባልም፤ ሌላው ስለሌለውም ሥራው አይቆምም። ቀኙ የጎረቤቱን ወጪ ካወቀ እንዲህ ያስባል፦ «እሱ 40 ማለቱ አይቀርም፤ እሱ 40 ካለ ለኔ 2640 ከ1760 ይሻለኛል።» ኢኩሊብሪየሙ (40 ፣ 40) ብቻ ነው። ቀኙ ከ50 የወረደው የራሱ ወጪ ገፍቶት ሳይሆን የጎረቤቱ ወጪ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ እኔን በጣም የሚስበኝ ይሄ ነው።

ስድስተኛ፦ እኩል የሆኑ ቁጥሮችን ማለፍ

ወደ 20 ብሩ ወጪ እንመለስና አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ለብቻው የወረደው ካፌ 350 ሳይሆን 300 ማኪያቶ ይሽጥ። ትርፉ 7000 መሆኑ ይቀርና 6000 ይሆናል። ቀኙ 50 ሲል ለግራው 40ም 50ም ያው 6000 ነው። እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ላይ ይሰመራል።

ብዙዎች ግን «40 መቼም አይጎዳም፤ ስለዚህ 50ን እንሰርዘው» ይሉና (40 ፣ 40)ን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። 40 አሁን ደካማ ዶሚናንት ነው፦ አንዴ ይበልጣል፣ አንዴ እኩል ይሆናል። ሁለቱም 50 ያሉበትን ሳጥን ጠይቁት። ግራው ብቻውን ቢወርድ ያተርፋል? 6000 ነበረው፣ 6000 ያገኛል፤ አላተረፈም። ቀኙም እንደዚያው። ስለዚህ (50 ፣ 50)ም ኢኩሊብሪየም ነው፤ በመሰረዝ ጠፍቶ ነበር። የተሰረዘው ዋጋ ሁልጊዜ በግልጽ የሚያንስ ከሆነ ምንም ኢኩሊብሪየም አይጠፋም። እኩል የሆነ ቁጥር ካለ ግን ስረዛውን ትታችሁ አራቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ ጠይቁ።